ከምግብ ያልተቆጠረች ቅቤ

«ጠጣችው! ሙሉውን ጠጣችው፤ ምንም አልሆነችም!»

እናቴ ከሞጣ ስትደውል እኔ ብቸና፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ለፈተና እያጠናሁ ነበር። ደብተሬን ወረወርሁና እልል አልሁ። ብቻዬን። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አወጡ።

«ማን ወለደ?»

«እህቴ ወተት ጠጣች!»

«ኧረ ባክሽ! ወተት የጠጣ ሁሉ እንዲህ እልል ከተባለለትማ ሰፈሩ አይተኛም።»

ከዚያ እናቴ ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት። ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል። «እታ፣ ነጭ ውኃ ጠጣሁ» አለችኝ። ወተት የሚባለውን ቃል አታውቀውም። ማን ይንገራት? ቤታችን ውስጥ ስሙን የሚያነሳ አልነበረም።

የአማርኛ መምህራችን የጻፍሁትን ለክፍሉ ካነበቡት ወዲህ ባዶ ወረቀት አያስፈራኝም። ስለዚህ ደስታዬን ልጽፍ ተቀመጥሁ። ደስታው ግን ብቻውን አልመጣ አለኝ። ያለፈውን ዓመት ሁሉ እየጎተተ መጣ።

አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ሞጣ ነው የሚኖሩት። አንዲት ላም ነበረቻቸው። እህቴ ከተወለደች ጀምሮ በሚኒባስ ሾፌሮች እጅ ለጋ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ይልኩልን ነበር። ሾፌሩ መናኸሪያው ላይ ጥቅሉን እያሻሸ «ይችን ልጅ ልትድሯት ነው ልታሳድጓት?» ይላል። አያቴ የሚወዱትን ሰው ሲወዱ በቃል አያውቁበትም። በቅቤ ነው የሚያውቁበት።

እህቴ ግን አላማረባትም። ክንዷ የሚታጠፍበትና ከጉልበቷ በስተጀርባ ያለው ቆዳ ቀልቶ ውኃ ያዣል። ሌሊት ታክከዋለች፣ ጧት አንሶላው ላይ ደም ይገኛል። ሰገራዋ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ደም እናያለን። ስትመዘን ኪሎዋ ባለበት ይቆማል። አንድ ቀን አባቴ የፈላ ወተት አቀዝቅዞ በስኒ ቢያስቀምሳት ከንፈሯ ዙሪያ ሳማ እንደነካው ሰው ሽፍ አለ። ያኔ ነው ጤና ጣቢያው ሞጣ ሆስፒታል ወዳለው የሕፃናት ሐኪም የላከን።

እኔም አብሬ ሄድሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲናገር እጁ አያርፍም።

«ወተት ለጊዜው ተጠርጣሪ ነው፤ ገና አልተፈረደበትም» አለን። «ለአንድ ወር ገደማ ወተትና የወተት ዘር በሙሉ ይቁም። እርጎ፣ አይብ፣ አሬራ፣ አጓት፣ ቅቤ። ከልጅቱ ብቻ ሳይሆን ከእናትየውም። ገና ስለምትጠባ እናትየው የበላችው በጡት በኩል ሊደርሳት ይችላል።»

«የፍየልስ?» አለ አባቴ።

«የፍየልም አይሆንም፤ ይመሳሰላሉ። ከተሻላት በኋላ ደግሞ እዚሁ እኛ ፊት መልሰን እንሰጣታለን።»

«ከተሻላት ለምን ይመለሳል?» አለች እናቴ።

«ቆዳ በራሱ ጊዜም ሊሻለው ይችላላ። ሲቆም የሚሻላት፣ ሲመለስ የሚብስባት ከሆነ ያኔ ነው የሚፈረድበት። ካለበለዚያ ልጅቱን በጥርጣሬ ብቻ ዕድሜ ልኳን ወተት ልንከለክላት ነው። ግን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩ! ሰውነት ከተወው በኋላ ድንገት ሲመጣበት አንዳንዴ ከበፊቱ ብሶ ይቆጣል።»

እናቴ ፊቷ ፈካ። «እንግዲያውስ ቀላል ነው፣ ዶክተር። ሁዳዴ ሊገባ ነው። ቤቱ ሁሉ አብሯት ይጾማል።»

«ጾም ብላችሁ አትያዙት፣ እመቤቴ። ጾም እንቁላሉንም ሥጋውንም ይከለክላል። እሷ እንቁላል ተስማምቷታል፤ እንዳታስቀሩባት። ልጅ ናት፣ ማደግ አለባት።» ለእናቴም ለእህቴም በወተት ምትክ ካልሲየም አዘዘ። ነርሷ በእጇ መስመር ያሰመረችበት ወረቀት ሰጠችን። ልጅቱ ምን በላች፣ ምን ጠጣች፤ እናትየው ምን በላች፤ ቆዳዋ እንዴት ዋለ፤ ሆዷ፤ ትውከት፤ እንቅልፍ። «በየቀኑ፣ ሳይረሳ» አለች። እናቴ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። «ጸሐፊያችን እሷ ናት።» ኮራሁ። አልዋሽም፤ በጣም ኮራሁ።

አያቴ ነገሩን ሲሰሙ ላማቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ብቸና መጡ። «ምራቴ ብቻዋን እንዴት ትችለዋለች?» አሉ። በእርግጥም ብቻዋን አትችለውም ነበር። አያቴ ለእህቴ የምስር ፍትፍት ያደቁላታል፣ የአጃ ገንፎ በዘይት ያገነፉላታል፣ እንቁላል ይቀቅሉላታል። በሁዳዴ ድስት ውስጥ እንቁላል መቀቀል ግን አልሆነላቸውም፤ አንዲት ትንሽ ብረት ድስት ለይተው ከውጭ ሰቀሏት። «ሕፃን ኃጢአት የለባትም፤ ድስቱ ግን የእኔ ነው» ይላሉ።

እኔ ደግሞ እጽፋለሁ። ሱቅ ሄጄ የብስኩት መጠቅለያ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነብ ባለሱቁ «ልትገዢ ነው ልትፈተኝበት?» ይለኛል። የወተት ዱቄት የሚል ካየሁ እመልሰዋለሁ። ዳቦ ቤቱን ሊጡ ውስጥ ምን እንደሚገባ ጠይቄያለሁ። የመንደሩ ሴቶች «ልጅቱን ገና በጡት አመነኮሳችኋት» እያሉ ሲስቁ እናቴ አብራ ትስቃለች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

ቆዳዋ አልተሻለም። ትንሽ ጋብ ይልና ይመለሳል። ደሙም አልጠፋም። እያንዳንዱን ቀን ጽፌዋለሁ። ወረቀቱ የንጹሕ ቤት ወረቀት ነው፤ አንዲት ጠብታ ወተት የለበትም።

አባቴ የእህል ነጋዴ ነው፤ ነገር ሲረዝም አይወድም። «ወተት አይደለም፣ በቃ» አለ። «ልጄን በከንቱ አስራባችኋት። አንችም ከሳሽ።»

«እስከ ቀጠሮው እንታገሥ» አለች እናቴ። በእርግጥም ከስታለች። ያለ ወተትና ያለ ቅቤ፣ በዚያ ላይ ጡት እያጠባች። እንቁላሉ ለልጅቷ ነው እንጂ ለእሷ ሁዳዴ ነበር፤ ሐኪሙ ብዪ ቢላትም አልገድፍም ብላ ነበር።

በቀጠሮው ቀን አያቴም ወደ ሞጣ ቤታቸው ሊመለሱ ስለነበር አብረን ሄድን። ሐኪሙ የጻፍሁትን ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ይህን ማን ጻፈው? ጎበዝ» አለኝ። ከዚያ ግን ግንባሩን አሸ። «እንደዚህ ከሆነ ወተት ነጻ ሊወጣ ነው» አለ። የእህቴን ክንድ ገልጦ አየ፣ ጣቶቹን እርስ በርስ አፋተገ፣ አሸተታቸው።

«ምን ትቀቧታላችሁ?»

«ለጋ ቅቤ ነዋ!» አሉ አያቴ። ሐኪሙ እሳቸውን በመጠየቁ ደስ ብሏቸዋል። «ለቆዳዋ። ጧት ጧት ደግሞ ለሆዷ በጣቴ አውጣታለሁ። ደሙን እንዲያቆምላት።»

ሐኪሙ የጻፍሁትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እናቴ፣» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ «ቅቤም ክልክል ነው ብለን አልነበረም?»

«ለምግብ ነዋ! ወጧ ውስጥ መች አገባሁባት? ይኼ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ጾም አይገድፍም። ቄስም ቢጠየቅ አይገድፍም።»

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር መድኃኒት ተብሎ የተዋጠ ነገር ጾም አያስገድፍም። እኛ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ጾም ብለን ነበር የያዝነው። ሐኪሙ ጾም አይደለም ቢለንም በልባችን ጾም ነበር። የጾም ሕግ ደግሞ ምግብን እንጂ መድኃኒትን አይጠይቅም። አያቴ አልደበቁም። ልጅቷ ጧት ቅቤዋን ውጣ፣ አናቷ በቅቤ ርሶ፣ አገር እያያት ነው የምትውለው። እኔ አይቻለሁ። አባቴ አይቷል። እናቴም አይታለች፤ አንድ ጧት እንዲያውም ከሞጣ የመጣውን ቅቤ ከመደርደሪያው ላይ አውርዳ ያቀበለቻቸው እሷ ናት። ማንኛችንም አላየነውም።

እናቴ ግን በዚያች ሰዓት ያቀበለችውን አላስታወሰችም። ያስታወሰችው ሌሊቱን፣ ደሙንና ክሳቷን ነው። ብድግ አለች።

«ልጄን ስታርጃት ከረምሽ!»

አንቺ አለቻቸው። በትዳር ዘመኗ ሁሉ «እማማ፣ እርስዎ» ከማለት ሌላ ከአፏ አልሰማሁም። በር ላይ የተሰለፉት እናቶች ሁሉ ሰሙ።

«ተይ፣ ተይ» አለ ሐኪሙ። «ጥፋቱ የእኔም ነው። ምን በላች ብዬ ጠየቅሁ እንጂ ምን ተቀባች፣ ለመድኃኒት ምን ተሰጣት ብዬ አልጠየቅሁም። እሳቸው ባይናገሩልን ኖሮ ወተትን ነጻ አውጥተን ልጅቱን ልንጎዳት ነበር።»

የሰማው የለም። አያቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እጃቸው ላይ ቅቤ ያለ ይመስል ሁለቱንም መዳፎቻቸውን በነጠላው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ «መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው» አሉ፣ «ከእንግዲህ ይህ እጅ ወደዚች ልጅ አፍ አይዘረጋም።» እና ወጡ። ቤታቸው ከሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም፤ በእግራቸው ሄዱ። አባቴ ተከትሏቸው ሊሮጥ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ወደ እናቱ አየ፣ ወደ ሚስቱ አየ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» አለና ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ለማን እንዳለው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እንደ አዲስ ጀመርን። አሁን ነርሷ በወረቀቱ ላይ አዲስ መስመር ጨመረች፤ የሚቀባ፣ የሚዋጥ፣ የሚታሽ። ለቆዳዋ ቫዝሊንና ሐኪሙ ያዘዘው ቅባት ብቻ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደሙ ጠፋ። ክንዷ ደረቀ፣ ከዚያ ለሰለሰ። ሌሊት ተኛች። እኛም ተኛን። ኪሎዋ ጨመረ። ይህ ሁሉ መልካም ዜና ነው አይደል? እኔ ግን «ቆዳ፦ ደህና» ብዬ በጻፍሁ ቁጥር አያቴ ላይ የፈረድሁ ይመስለኝ ነበር። ከሞጣ ቅቤ መምጣቱ ቆመ። ሾፌሩ መናኸሪያ ላይ ሲያገኘኝ «ምነው፣ እማማ ተቀየሙ?» አለኝ። 

ከዚያ መልሶ የመስጠቱ ቀን መጣ። ልጅቱ ትኩሳትና ጉንፋን የሌለባት መሆን አለባት፤ የማሳከክ መድኃኒትም ከቀናት በፊት መቆም ነበረበት፣ ምልክቱን ስለሚሸፍን። አልጋ ተዘጋጀ፣ ኦክስጅን ቀረበ፣ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥራት የሚወጋው መርፌም አስቀድሞ ተለክቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሐኪሙ መጀመሪያ አንዲት ጠብታ ከንፈሯ ላይ አደረገ። ጠበቅን። ከዚያ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጥቂት። ጠበቅን። ከዚያ በሻይ ማንኪያ። በየመሐሉ ነርሷ ቆዳዋን ትገልጣለች፣ ትንፋሿን ታዳምጣለች፣ እኔ ሰዓቱን እጽፋለሁ። እህቴ ማንኪያውን ወደደችው። «ድገመኝ» የምትል ይመስል አፏን ከፈተች።

ሌላ ማንኪያ ሲጨመርላት አገጯን ማከክ ጀመረች። ሽፍታው ወደ አንገቷ ሮጠ። አንዱ ዓይኗ አበጠ። አስመለሳት። ከዚያ ሳለች፤ የጉንፋን ሳል አይደለም፣ እንደ ውሻ ጩኸት የጎረነነ። ሐኪሙ አንድም ቃል ሳይናገር ጭኗ ላይ ወጋት። እስክሪብቶ ከእጄ ወደቀ። ጥቂት ቆይቶ ትንፋሿ ተስተካከለ፣ እብጠቱም ጎደለ፤ እኔ ግን ያንን ጥቂት ጊዜ አልለካሁትም። ሐኪሙ «አሁን ተፈረደበት» አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም። እዚያው እያዩዋት አደረች።

ወደ ማታ ውኃ ልገዛ ወጥቼ አያቴን በሩ ላይ አየኋቸው። ከጥበቃው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከጧት ጀምሮ እዚያው እንደነበሩ ጥበቃው ነገረኝ።

«እማማ፣ ይግቡ እንጂ።»

«ተነፈሰች?»

«ተነፈሰች።»

«በቃኝ» አሉና ተነሱ። በማግሥቱ ሰው ሲናገር ሰማሁ፤ ላሚቱን ሸጠዋታል።

ሐኪሙ ሲሸኘን «ብዙ ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል፤ ለአንድ ዓመት ያህል ይቁምና እንደገና እንሞክራለን» ብሎን ነበር። ዓመቱ እንደምንም አለፈ። በበዓል ቤታችን ዶሮው በዘይት ተሠራ። አባቴ ለበዓል ብቻውን ሞጣ ይሄዳል፣ ብቻውን ይመለሳል። እናቴ «እንዴት ናቸው?» ትለዋለች። «ደህና ናት» ይላል። ከዚያ የሚቀጥል ወሬ የለም።

ይኸው ዛሬ ጠጣች። ጠብታውንም፣ ማንኪያውንም፣ ስኒውንም። ከሰዓት በኋላ እስኪጋመስ ጠበቋት፤ አንዲት ሽፍታ የለም። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ትጠጣለች፤ ፈተናውን ካለፈች በኋላ ማቋረጥ ጥሩ አይደለም ብለዋል። ዘግይቶ የሚመጣ ነገር እንዳለ ለማየት እኔ ለጥቂት ቀናት መጻፌን እቀጥላለሁ።

እናቴ አመሻሽ ላይ እህቴን አዝላ ገባች። አቅፌ አሽከረከርኋት። ከዚያ እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠችና ያደረገችውን ነገረችኝ። ከሆስፒታሉ ወጥታ ቀጥታ አያቴ ቤት ሄዳ ነበር። ከዓመት በላይ ቆይታ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«በሩ ላይ ቆምሁ። ግቢ አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ‹ቅቤውን ያቀበልሁዎት እኔ ነኝ፣ እማማ› አልኋቸው። አነሱኝ።»

«ታረቃችሁ ማለት ነው!»

«ስሚ እንጂ። ‹ጠጣች፣ ይስጧት፤ ከእጅዎ ትቅመስ› አልኋቸው። ከጎረቤት ወተት ገዝቼ በስኒ ይዤ ነበር። እህትሽ ደግሞ አላወቀቻቸውም፤ ‹ማናት?› አለች። እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ‹ላንቺ ይቅር ብያለሁ፤ መሐላው ግን ካንቺ ጋር አይደለም› አሉኝ። እኔው አጠጣኋት። እሳቸው ቁጭ ብለው አፏን ያያሉ። ስትውጥ እሳቸውም ይውጣሉ።»

እናቴ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

እኔ ደወልሁላቸው። እልል ብዬ ጀመርሁ፤ እሳቸውም «እሰይ፣ እሰይ የእኔ ዓለም» አሉ፣ ከልባቸው። ከዚያ ስለ መሐላው አነሳሁ። «ለቄስ ይንገሩና ንስሐ ይስጡዎት፣ ይፈታል» አልኋቸው።

«መሐላው ይፈታ ይሆናል» አሉኝ። «እጄ ግን ፈርቷል፣ ልጄ። ይኼ እጅ አባትሽን አሳድጓል። አሁን ለጎረቤት ልጅ ቆሎ እንኳ ስሰጥ እናቱን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።»

ያን እጅ ወረቀቴ ላይ አንድም ቀን አልጻፍሁትም። እኔ! ጸሐፊዋ!

አሁን ይህን ለምታነቡ ወላጆች የምጽፍበትን ምክንያት ልናገር። ሐኪሙ ለእናቴ አንድ መልእክት ሰጥቷት ነበር። ከፊታችን ቅዳሜ ጧት ሞጣ ሆስፒታሉ ግቢ፣ የሕፃናት ክፍሉ ፊት ለፊት፣ ምግብ የማይስማማቸው ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ይሰበሰባሉ። እኔም የጻፍሁትን ይዤ እንድመጣ ጠይቆኛል፤ እንዴት እንደሚጻፍ ላሳይ። እናቶች ይምጡ ነው ያለው። እኔ ግን እናቶች ብቻ አትምጡ እላለሁ። ልጁን የምታጥበውን፣ የምትቀባውን፣ ጧት ሁላችሁም ተኝታችሁ ሳለ የምታውጠውን ሴት አምጧት። አያት ትሁን አክስት፣ ከፊት ወንበር አስቀምጧትና አስቀድማ እሷ ትጠየቅ፤ በቁጣ ሳይሆን በአክብሮት፣ በእርስዎ።

የእኔንም አያት ጋብዣለሁ። «አያለሁ» ብለውኛል። በእሳቸው አፍ «አያለሁ» ማለት እምቢ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አጠገቤ አንድ ወንበር ክፍት አደርጋለሁ፤ እናንተ ግን ቀድማችሁ ኑና ያመጣችኋትን ሰው ከዚያ ወንበር አጠገብ አስቀምጡልኝ፤ ምናልባት አያቴ ከመጡ ብቻቸውን እንዳይሆኑ።